ሽታዬና ሦስቱ ጣሳ ስኳር

ሽታዬ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ባለው ግቢ ትኖራለች። የሚለየን አጥር ሳይሆን አንድ ረድፍ እንሰት ነው። በእንሰቱ መካከል ሁለታችን ተመላልሰን ያወጣናት ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ ልጆቼም የልጅ ልጆቼም በእሷ እየተሹለኮለኩ ነው ያደጉት። ዕድሜዋን ብትጠይቋት "ከጌታሁን እናት አንሳለሁ" ትላለች። የጌታሁን እናት እኔ ነኝ። በስንት ዓመት እንደምታንሰኝ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

አሁን ሶዶ ውስጥ ሰው የሚያውቃት በሠርግ መጠጧ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሃያ ስምንት ዓመት ተበላ በምትባል ከተማ ገበያ ላይ ቦሎቄና በቆሎ ሸጣለች። ሚኒባስ ሲጠፋ በእግሯ የወረደችበት ቀን ብዙ ነው። እጇን ልብ ብሎ ያየ ሰው ሳይነገረው ነጋዴ እንደነበረች ያውቃል። ጣሳ ስትሞላ አፉ ላይ አታቆምም። እህሉ ከጣሳው በላይ ሾጥጦ እስኪቆምና በጎኑ መንሸራተት እስኪጀምር ትከምረዋለች። ከዚያ ደንበኛው "መርቂልኝ" ብሎ አፉን ሳይከፍት አንድ እፍኝ ምራቂ ታክልበታለች።

"ለተበላ ሰው ጠፍጣፋ ጣሳ ሰጥተሽ ወዴት ትገቢያለሽ? ከነእናትሽ ነው የሚሰድብሽ" ትላለች።

ጉልበቷን ማመም ሲጀምራት ገበያውን ትታ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆና ገባች። ለመጠጥ የሚበረዘው የስኳር ሽሮፕ ሲፈላ ያየችው እዚያ ነው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ የሆነችው ሴት ከሁሉም ሠራተኛ ሽታዬን ወደደቻትና "ሦስት ጣሳ ስኳር ለሁለት ጣሳ ውሃ፤ ይህን ከያዝሽ ሌላው ቀላል ነው" ብላ አስተማረቻት። ሽታዬ ፊደል አልቆጠረችም። ሦስቱንና ሁለቱን በልቧ ይዛ ወደ ቤቷ መጣች።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሠርግ ላይ የሚያሰክር ነገር አይቀርብም። ለስላሳ በሣጥን በሣጥን ይደረደራል፤ እንግዳው እሱን ጠጥቶ ሆዱን ተነፍቶ ይሄዳል። ሽታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የዝንጅብል መጠጥ በትልቅ ባልዲ ይዛ የጎረቤት ሠርግ ላይ የመጣች ዕለት ሣጥኖቹ ሳይከፈቱ አመሹ። ከዚያ ወዲህ ጥርና ሚያዝያ ሲመጣ በሯ ሰው አያጣም።

ስትሠራ ማየት እወዳለሁ። ዝንጅብሉን በብሩሽ ታጥበዋለች፤ ልጣጩን አትልጠውም፤ ሳንቲም እያሳከለች ስስ ስስ አድርጋ ትቆርጠዋለች። በውሃ ቀስ ብሎ ሲንተከተክ ይቆይና ከእሳት አውርዳ ትከድነዋለች። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲያርፍ ትተወዋለች። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ታጠልለዋለች፤ አንዲት ቁራጭ እንኳ ብትቀር ደስ አይላትም። በዚያ በጠለለው ውሃ ላይ ነው ስኳሩ የሚገባው። ስኳሩ ሟሙቶ እንደ መስታወት ሲጠራና አንድ ጊዜ ገንፈል ሲል በቃ፤ በተቀቀለ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱም ሽሮፑም ትኩስ እንደሆኑ ትሞላና ክዳኑን ታጠብቃለች። ሲቀርብ አንድ ብርጭቆ ሽሮፕ ለስድስት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሎሚ ይጨመቅበታል። ናና ሲሆን ግን ሌላ ነው። ናና እሳት ላይ አይወጣም፤ ሽሮፑ ከወረደ በኋላ ቅጠሉ ይነከርና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ይወጣል። "ከፈላማ ከብት የበላው ሣር ነው የሚሸተው" ትላለች። የናናውን ከሠርጉ ዋዜማ በፊት ሠርታ አታውቅም። የዝንጅብሉ ግን ከጓዳዋ ጨለማ መደርደሪያ ላይ ሦስት ሳምንት ቢቀመጥም ምንም አይሆንም ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለእኛ ለትልልቆቹ ከሰዓት በኋላ በምትሰጠው ትምህርት። ሰው ዘግይቶ ያገኘውን ነገር አያስቀምጥም። ያገኘሁትን ሁሉ እጽፍ ነበር፤ የእድር ቀን፣ የዶሮዎቼን ስም፣ በመጨረሻም የሽታዬን ሽሮፕ። በአንድ ደብተር ላይ "ሦስት ጣሳ ስኳር፣ ሁለት ጣሳ ውሃ" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

ጥፋቱ የተጀመረው የልጅ ልጄ ብሩክታይት ልታገባ በተቃረበችበት ወቅት ነው። ብሩክታይት የቤሌ ከተማ አስተማሪ ናት። ሕፃን ሳለች እናቷ ሥራ ስትውል ያደገችው በሽታዬ ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ መጠጡን ማን ያዘጋጃል የሚል ጥያቄ በቤታችን አልተነሣም። ሽታዬ ራሷ "የእሷን ሠርግ መጠጥ እኔ ካልቀዳሁ ይህ ሁሉ ስኳር ምን አደረገልኝ" አለች። ሃያ አምስት ኪሎ ስኳር በከረጢት መጣላት። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ልረዳት ደብተሬን ይዤ በእንሰቱ መካከል ተሻገርኩ።

የመጀመሪያውን ጣሳ ስኳር ስትከምር እያየሁ አላስችል አለኝ።

"ሦስት ነው የተጻፈው" አልኳት።

"ታዲያ ሦስት አይደለም?"

"ይሄ ሦስት ከነቤተሰቡ ነው።"

ሳቀችና እፍኟን ወደ ከረጢቱ ሰደደች፤ ምራቂ ልትጨምር።

"ለድስት ነው ምራቂ የምትሰጪው? ድስት እኮ ደንበኛ አይደለም። በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ አይገዛሽም!"

"እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አለች፤ እፍኟን ግን ወደ ከረጢቱ መለሰችው።

ያን ቀን የልጅ ልጄን ማስመሪያ ይዤ የእያንዳንዱን ጣሳ አፍ አስተካክዬ ጠረግሁ። የዝንጅብሉን ውሃ ስትሰፍርም ግማሽ ጣት ያህል እንደምታጎድል አየሁ፤ በገበያ ዘመኗ ውሃ ተሸክማ ስትሄድ እንዳይፈስ የለመደችው ነው። "ሁለት ጣሳ ማለት ሁለት ጣሳ ነው" ብዬ እስከ አፉ ሞላሁት። አራት ድስት አፈላን። ሽታዬ አንድ ጊዜ ማንኪያውን አንሥታ ሽሮፑ ሲወርድ አየችና "ዛሬ ፈጠነ" አለች። እኔ ግን ደብተሬ ላይ ምልክት እያደረግሁ ነበር።

ሠርጉ ቅዳሜ ሊሆን ረቡዕ ጠዋት ሽታዬ ጠራችኝ። ጮክ ብላ ሳይሆን ቀስ ብላ ስለጠራችኝ ደነገጥሁ። ጓዳዋ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ይዛ ቆማለች። ክዳኑን ስትፈታው ፍስስ አለ። ነጭ አረፋ አንገቱን ሞልቶ በእጇ ላይ ወረደ። ጥርት ያለው ሽሮፕ ደፍርሷል፤ ከሥር ወደ ላይ ትንንሽ አረፋ ይወጣል። አሸተትሁት።

"ጌሾ ብቻ ነው የቀረው" አለች ሽታዬ። ቀልዷ ነበር፤ ፊቷ ግን አልቀለደም።

ሌላውን ከፈትን፤ ያው ነው። አሥረኛውን ስንከፍት ተወችው። መሬት ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታያቸው ጀመር።

"በቤተ ክርስቲያን ሠርግ ላይ ጠላ ቀዳች ልባል ነው? ያውም በብሩክታይት ሠርግ? ጠርሙሱን ቀቅያለሁ፤ ዝንጅብሉን አጥቤያለሁ። የቀረው ይሄ ነው" አለችና እጆቿን አነሣችልኝ። "አርጅቷል። ለስላሳ እዘዙ፣ የጌታሁን እናት። እኔ ሁለተኛ ስኳር አላፈላም።"

"ስኳር ተርፏል እኮ፤ እንደገና እናፍላ።"

"አሥራ አምስት ኪሎ ነው የተረፈው፤ ለአንድ ጊዜ ነው የሚበቃው። ምን እንደነካው ሳላውቅ እሱንም ላበላሸው?"

እውነቷን ነው።

በሽታዬ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየች ናዲያ የምትባል ልጅ አለች። የደሴ ልጅ ናት፤ ሆስፒታል በፋርማሲ ባለሙያነት ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ያን ቀን ተረኛ ስላልነበረች ቤቷ ነበረች። ስጠራት የምታጥበውን ልብስ ትታ መጣችና ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው።

"እማማ ሽታዬ፣ ይሄን ማንም እንዳይቀምሰው። እርሾ ገብቶበታል" አለች። "ውስጡ የቀረ ዝንጅብል ነበር?"

"አልነበረም።"

"ጠርሙሱስ?"

"ቀቅያለሁ ልጄ፤ እንደ ሁልጊዜው።"

"ስኳሩ ስንት ነው?"

"ሦስት ጣሳ ለሁለት" አልኩ እኔ ፈጥኜ፤ ደብተሬንም አሳየኋት።

ናዲያ ደብተሩን አየችው። "ጣሳ ሚዛን አይደለም፣ እማማ" አለች ለእኔ። "በሠፈር ሚዛን ያለው ማነው?"

ሚዛን ያለው ቶማ ነው፤ መንገዱ ጫፍ ላይ ያለው ባለሱቅ። ጣሳውንና የስኳሩን ከረጢት በባጃጅ ጭነን ሄድን፤ በመንገድ ናዲያ ስኳሩን ማን እንዴት እንደሰፈረው አንድ በአንድ ጠየቀችን። ቶማ ሲያየን ከባንኮው ጀርባ ብድግ አለ።

"እናቶቼ፣ ዛሬ ደግሞ ስኳር ልትሸጡልኝ ነው የመጣችሁት? እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እኔም አጥቻለሁ!"

"ሚዛንህን እንጂ ብርህን አንፈልግም" አለችው ሽታዬ።

ናዲያ መጀመሪያ ባዶውን ጣሳ መዘነችና ክብደቱን ያዘች። ከዚያ እኔን "እንደዚያ ቀን አድርገው ይሙሉት" አለችኝ። ሞላሁ፤ በማስመሪያ ፈንታ በመዳፌ ጠረግሁት። የጣሳው ክብደት ሲቀነስ ስምንት መቶ ሃምሳ ግራም ሆነ።

"አሁን ደግሞ እማማ ሽታዬ፤ እንደ ድሮው።"

ሽታዬ አመነታች። ወደ እኔ አየች፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ጣሳውን ሞላች፤ ከመረች፤ ስኳሩ በጎኑ መንሸራተት ጀመረ። እጇ ከረጢቱ ላይ ቆመ።

"ምራቂውንም" አልኳት።

እፍኟን ጨመረች። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ።

ቶማ አንገቱን አስግጎ ቁጥሩን አየ። "ይቺ ሴትዮ ተበላ ላይ ስንት ሰው አበልጽጋለች!" አለ።

ውሃውንም መዘንን። በእኔ ሙሉ ጣሳ አንድ ኪሎ፤ በእሷ ጎደሎ ጣሳ ዘጠኝ መቶ ግራም። ናዲያ በስልኳ ጥቂት ደመረችና ቀና አለች።

"በእማማ ሽታዬ እጅ ለአንድ ኪሎ ውሃ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ስኳር ይገባ ነበር። በደብተሩ ግን የገባው አንድ ኪሎ ከሩብ ብቻ ነው።"

"ይሄ ምን ያመጣል? ጣፋጩ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ" አልኩ።

"ስኳር ሲበዛ ውሃውን ይይዘዋል፣ እማማ፤ እርሾውም ሻጋታውም የሚጠጣው አያገኝም። ስኳሩ ሲያንስ ትርፍ ውሃ አለ፤ ስለዚህ ይራባል። እኛም ለመድኃኒት የምናዘጋጀው ሽሮፕ በሚዛን ሁለት እጅ ስኳር ለአንድ እጅ ውሃ ነው። እኩል በእኩል የሆነውም ይጣፍጣል፤ ክፉ አይደለም፤ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁኖ እንኳ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው ዕድሜው። ቅጠል ወይም ዝንጅብል ከገባበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እናንተ ደግሞ መደርደሪያ ላይ አሥራ አንድ ቀን አቆያችሁት።"

"ከሁለትም በላይ ብናደርገውስ?" አለች ሽታዬ።

"ያኔ ስኳሩ ከሥር ተመልሶ ይረጋል።"

"አዎ! አንድ ዓመት እንደዚያ ሆኖብኝ ነበር፤ እንደ ድንጋይ። ያን ጊዜ ነው እፍኜን ከሁለት ወደ አንድ የቀነስኩት" አለች ሽታዬ። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር። ለእኔም። ስታስጽፈኝ እንኳ ሦስትና ሁለት ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ክምሩም እፍኙም ለእሷ የጣሳው አካል ስለሆነ የሚነገር ነገር አልመሰላትም።

"ሽታዬ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ የጠረግሁት።"

ፊቷን ወደ ሱቁ በር አዞረች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ልይዛት ስል ስትስቅ አገኘኋት።

"የጌታሁን እናት፣ አንቺ ተበላ ብትነግጂ ኖሮ በድንጋይ ነበር የሚያባርሩሽ።"

እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን እንባ ነበረው። እሷ ግን ሳቋ ሳያልቅ እንደገና ወደ እጇ አየች። "እጄ ያኔ ልክ ነበር እንበል። ነገስ? አንዱን ጣሳ አብዝቶ ሌላውን ቢያሳንስስ?" አለች።

ናዲያ ስኳሩን ወደ ከረጢቱ ገለበጠችው። "እንደገና ይሙሉ።"

ሽታዬ ሞላች፤ ከመረች፤ አንድ እፍኝ ጨመረች። አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥር። ደግማ ሞላች። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ አምስት። ለአራተኛ ጊዜ ስትሞላ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ሆን ብላ ነው፤ ተንኮለኛ ናት። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ።

"ታዲያ ይሄ ሚዛን ምን ያደርግልኛል?" አለ ቶማ። "እርስዎን ባንኮው ላይ ባስቀምጥ አይሻልም?"

"ምሳ አብላኝና እቀመጥልሃለሁ" አለችው።

ሐሙስ ጠዋት እንደገና አፈላን። የተበላሸውን ሁሉ ከግቢ ውጭ ደፋነው፤ ጠርሙሶቹን በሳሙና አጥበን እንደገና ቀቀልናቸው፤ አሮጌ ክዳኖቹን ጥለን በአዲስ ቀየርን፤ እርሾው እንዳይተላለፍ ናዲያ አጥብቃ ነግራን ነበር። እኔ ዝንጅብል ቆረጥሁ። ስኳሩ አጠገብ አልደረስሁም። ሽታዬ እየከመረች በዓይኗ ጥግ ታየኝ ነበር፤ አንዳንዴ ሆን ብላ እፍኟን አየር ላይ ታቆየውና አፌን እስክከፍት ትጠብቃለች። እኔም አልከፍትላትም። ማንኪያውን አንሥታ ስታየው ሽሮፑ ቀስ ብሎ፣ እንደ ክር ወረደ። ከከረጢቱ የተረፈው ስኳር ከሁለት ኪሎ አይበልጥም፤ እሱን ለናናው አስቀመጠችው። ማቀዝቀዣዋ የሚችለውን ያህል ጠርሙስ አስገባን፤ ለሁለት ቀን ነውና ሌላው ጨለማው ጓዳ ውስጥ ቀረ። የናናውን ዓርብ ከሰዓት ሠራችው፤ እሱ ሌላ ቦታ አላደረም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው ያደረው።

ቅዳሜ በሠርጉ ድንኳን ውስጥ አንድ የምፈራው ሰው ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ እሸቴ አፍንጫቸው ሠፈሩን ሁሉ ያስጨንቃል፤ ማን ከማን ጋር ምን እንደጠጣ ከበር ነው የሚያውቁት። የረቡዕ ወሬ ደግሞ ጆሯቸው ደርሷል፤ ቶማ ሱቅ ውስጥ የተነገረ ነገር አያድርም። ሽታዬ ራሷ ሎሚውን ጨምቃ፣ አንዱን ለስድስት በርዛ፣ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። አቶ እሸቴ ብርጭቆውን ከአፍንጫቸው ሥር አቆዩት። ከዚያ ጠጡት። ሽታዬ ከፊታቸው ንቅንቅ አላለችም።

"ዝንጅብሉ ያቃጥላል" አሉ።

"ያቃጥላል፣ አባታችን።"

"ለጉሮሮ ጥሩ ነው። እስቲ ድገሚኝ፤ ይሄኛውን በደንብ ሙዪው።"

ብሩክታይት ነጭ ልብሷን ሰብስባ ከመድረኩ ወርዳ መጣች፤ ፎቶ አንሺው እየጮኸባት። "እማማ ሽታዬ፣ ለእንግዳ ብቻ ነው እንዴ የሚቀዳው?" አለች። ሽታዬ የናናውን ቀዳችላት፤ ጠጥታ እስክትጨርስም የልብሷን ጫፍ ይዛላት ቆመች፤ ጠብታ እንዳይነካው። ለስላሳው ከነሣጥኑ ጥግ ላይ ዋለ።

የሙሽራው እናት ከቦዲቲ ናቸው። ሊሄዱ ሲሉ የተረፉትን ሁለት ጠርሙሶች አይተው ለመኑ።

"ማቀዝቀዣ አለዎት?" አለቻቸው ሽታዬ።

"አለ፤ መብራት ሲኖር።"

"እንግዲያው የናናውን እስከ ሐሙስ ይጨርሱት። የዝንጅብሉ ይቆይልዎታል፤ ግን ከደፈረሰ፣ ወይም ሲከፍቱት ፍስስ ካለ፣ ሳያዝኑ ይድፉት። ለመቅመስ እንኳ እንዳይሞክሩ።"

ሰኞ ጠዋት እንሰቱን ልመለምል ስወጣ ከወዲያኛው ግቢ ቢላ እንጨት ላይ ቶሎ ቶሎ ሲመታ ሰማሁ። በመተላለፊያው አንገቴን አስገባሁ። ሽታዬ እግሯን ዘርግታ፣ አንድ ቁና ዝንጅብል ፊቷ አስቀምጣ ትቆርጣለች።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"ለቦዲቲ። የሙሽራው እናት በማለዳ ደወሉ፤ ትንሿ ልጃቸው በሚቀጥለው ወር ታገባለች። ከአሁኑ ዝንጅብሉን ልሞክረው ብዬ ነው" አለችና ሁለተኛውን ቢላ በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው። "ነይ ቁረጪ። ስስ ስስ አድርጊው።"